3 ደቂቃ ከ33 ሰከንዱ የት ገባ? የቤተሰብ ፎቶን ከዘፈን ጋር ስለማስማማት

ጥያቄ፦ «የእናትና የአባቴ 40ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ጥር ውስጥ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ይከበራል። ከአልበምና ከዘመድ ስልክ 214 ፎቶ ሰብስቤ በስልኬ ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ 3 ሰከንድ ሰጠሁ፤ 10 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሆነ። በየመሃሉ የ1 ሰከንድ ትራንዚሽን ስጨምር ወደ 7 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ወረደ። ዘፈኑ 5 ደቂቃ ከ20 ስለሆነ ደገምኩት፤ ግን መሃል ላይ ቁርጥ ይላል፣ ፎቶውም ከምቱ ጋር አይገጥምም። እናቴም ‹ገና ሳላየው አለፈብኝ› አለችኝ። አፕ ልቀይር? የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦

አፕ አትቀይሪ። አፑ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሌላ ብታወርጂም ያው ነው የሚገጥምሽ። መጀመሪያ ትራንዚሽን ስትጨምሪ የጠፋው ጊዜ የት እንደገባ ላሳይሽ፤ እሱ ግልጽ ከሆነልሽ የቀረው ሥራ ቀላል ነው።

ትራንዚሽን ሲባል ብዙ ሰው በሁለት ፎቶ መሃል የሚሰካ ተጨማሪ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ሁለቱ ፎቶዎች የሚደራረቡበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ወጥቶ ሳያልቅ ሁለተኛው መግባት ይጀምራል። ሁለት ጨርቅ ጫፍና ጫፋቸውን ደርበሽ ስትሰፊ ርዝመታቸው በተደረበው ልክ ያጥራል። ቪዲዮውም እንደዚያው ነው። 214 ፎቶ 213 መጋጠሚያ አለው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 1 ሰከንድ ተደረበ። 213 ሰከንድ ደግሞ 3 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው። ከ10 ደቂቃ ከ42 ላይ ቀንሺው፤ 7 ደቂቃ ከ9 ይመጣልሻል።

እናትሽ «አለፈብኝ» ያሉትም ከዚሁ የመጣ ነው። 3 ሰከንድ የሰጠሽው ፎቶ የመጀመሪያዋን ሰከንድ ከፊተኛው ፎቶ ጋር፣ የመጨረሻዋን ከኋለኛው ጋር ተጋርቷል። ብቻውን ጥርት ብሎ የታየው ለ1 ሰከንድ ብቻ ነው። በ1 ሰከንድ ውስጥ የድሮ የሰርግ ፎቶ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ለይቶ የሚያይ ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ትራንዚሽን ሲጨመር ቪዲዮውን የማያሳጥሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ያንቺ የትኛው እንደሆነ በግምት ሳይሆን በሙከራ ነው የሚታወቀው። ሁለት ፎቶ ብቻ አስገቢ፣ ጠቅላላ ርዝመቱን ጻፊ፣ ትራንዚሽን ጨምሪ፣ እንደገና እዪው። ካጠረ ይደርባል። ያንቺ እንደሚደርብ ራስሽ የላክሽው ቁጥር ነግሮናል።

ሁለተኛው ስህተት የቅደም ተከተል ነው። ፎቶውን ደርድረሽ ጨረስሽና ዘፈኑን ከሥሩ አነጠፍሽው። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ ይቀመጣል፤ ፎቶ የሚቀያየርበትን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው። ስንት ፎቶ እንደሚበቃም የሚነግርሽ ዘፈኑ ነው። 5 ደቂቃ ከ20 ማለት 320 ሰከንድ ነው። 214 ፎቶ እዚያ ውስጥ ይግባ ካልሽ ለአንዱ የሚደርሰው 1 ሰከንድ ተኩል ነው። ዘፈኑን መድገምም መፍትሔ አይሆንም። ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ሰው «አለቀ» ብሎ ወደ ወሬው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፎቶ የሚያየው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ዘፈን፣ አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ፎቶው ወደ 48 ይውረድ። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ አሁን እናስላው።

ዘፈኑን ክፈቺና አጨብጭቢ። እንደ ሰርግ ቤት፣ ከበሮው ጠንከር ብሎ በሚወርድበት ላይ ብቻ። የእኛ አገር ዘፈን ችክችካ ስለሚበዛበት በከባዶቹ ምቶች መሃል ትንንሽ ምቶች አሉ፤ እነሱን እለፊያቸው። ቆጣሪ ይዘሽ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንዳጨበጨብሽ ጻፊ። ይህንን አንዴ ዘፈኑ መጀመሪያ አካባቢ፣ አንዴ መጨረሻ አካባቢ አድርጊው።

ሁለት ጊዜ ያልኩሽ በምክንያት ነው። በስቱዲዮ በኮምፒውተር ምት የተሠራ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይኖረዋል። አዝማሪ በመሲንቆ፣ ሌላው በከበሮ ሆነው በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ ዘፈን ግን እየሞቀ በሄደ ቁጥር ይፈጥናል። ዘፈኑን ሕይወት የሚሰጠውም እሱ ነው። በቅርቡ የሠራሁበት አንድ የጎጃም የሰርግ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ በ30 ሰከንድ 40 ጭብጨባ ነበረው፤ መጨረሻው ላይ 43 ደረሰ። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ግን እዪው። 8 ጭብጨባ መጀመሪያ ላይ 6 ሰከንድ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ 5 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ነው። ሁሉንም ፎቶ «6 ሰከንድ» ብለሽ ከደረደርሽ፣ ዘፈኑ ከሞቀ በኋላ በእያንዳንዱ ፎቶ ግማሽ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ትዘገያለሽ። ከአሥር ፎቶ በኋላ 4 ሰከንድ ኋላ ቀርተሻል ማለት ነው። «አይገጥምም» ያልሽው ይኸው ነው። እኩል ሰከንድ እኩል ካልሆነ ዘፈን ጋር ሊገጥም አይችልም።

አንዳንድ አፕ ምቱን ራሱ ፈልጎ ምልክት የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ለፈጣንና ለተስተካከለ ዘፈን ይሠራል። መሲንቆ ብቻውን በሚጫወትበት መግቢያ ላይ ግን የሚይዘው ነገር ያጣል። ከበሮው ሲገባ ደግሞ ትንንሾቹን ምቶች ከትልልቆቹ ጋር ይቀላቅላል። ስለዚህ በእጅሽ አድርጊው። ካፕከት ከሆነ የያዝሽው፣ የዘፈኑን መስመር ነክተሽ `Beats` የሚለው ውስጥ ግቢና `Add beat` የሚለውን በየቦታው ተጫኚ። በኮምፒውተር በ`DaVinci Resolve` ከሆነ ዘፈኑ እየተጫወተ `M` መጫን ነው። ይህን ስትሠሪ ባለ ገመድ ኢርፎን አድርጊ። ብሉቱዝ ድምፁን አዘግይቶ ስለሚያመጣው ምልክትሽ ሁሉ ዘግይቶ ያርፋል።

በእያንዳንዱ ጭብጨባ ላይ ምልክት አያስፈልግሽም። በየ8 ጭብጨባው አንድ ይበቃል። ቆጠራውን ደግሞ ዘፋኙ ስንኝ ከሚጀምርበት ቦታ ጀምሪ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሰው ዘፈን ሲሰማ የሚከተለው ግጥሙን ነው። ስንኙ ገና ሳያልቅ ፎቶው ከተቀየረ፣ ምቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ ሰው የሚያወራውን ያቋረጡት ያህል ይሰማል። ስንኙ አልቆ አዲሱ ሲጀምር ከተቀየረ ግን ዘፋኙ ራሱ ፎቶውን የሚገልጥ ይመስላል። አንዳንዱ ስንኝ 8 ሳይሆን 6 ወይም 10 ጭብጨባ ሊወስድ ይችላል። ያኔ ቁጥሩን ተዪና ስንኙን ተከተይ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ዘፈንሽ 320 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 24 ሰከንዶች ያለ ከበሮ መሲንቆ ብቻ ናቸው እንበል። ለእነሱ 3 ፎቶ፣ ለአንዱ 8 ሰከንድ። ሰው ገና እየተቀመጠ፣ ልጆች ዝም እየተባሉ ስለሆነ ዝግታው ይጠቅማል። የመጨረሻዎቹን 12 ሰከንዶች ለአንድ የመዝጊያ ፎቶ ተዪ። 284 ሰከንድ ቀረ። 8 ጭብጨባ በአማካይ 5 ሰከንድ ከ8 አስረኛ ቢሆን 49 ቦታ ይኖርሻል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው ላለባቸው 5 ፎቶዎች እጥፍ ስጪ፤ ሃያ ሰው የተሰለፈበትን የሰርግ ፎቶ በ6 ሰከንድ አይቶ የሚጨርስ የለም። 5ቱ ፎቶ 10 ቦታ ያዙ፣ 39 ቦታ ለ39 ፎቶ ቀረ። 3 ሲደመር 5 ሲደመር 39 ሲደመር 1፣ 48። ያንቺ ዘፈን ምቱ ከዚህ ቢለይም አሠራሩ ይኸው ነው።

የቀሩት 166 ፎቶዎች እንዳያሳዝኑሽ። ለብቻ ፎልደር አድርጊያቸውና ከምሳ በኋላ ያለ ሙዚቃ በቲቪው ላይ በቀስታ ይሂዱ፤ ዘመድ እየተሳሳቀ ያወራባቸዋል። ስትመርጪም ፎቶው ስለማረ ብቻ አትውሰጂ። ትንሽ ደብዘዝ ቢልም አባትሽ ጫማቸውን ይዘው ጭቃ የሚሻገሩበት ፎቶ ካለ፣ ተሰልፈው ከተነሱት አሥር ፎቶ ይበልጣል።

አሁን ወደ ትራንዚሽኑ። አንድ ዓይነት ብቻ ተጠቀሚ፤ አንዱ ቀልጦ ሌላው የሚወጣበትን። በአፑ ውስጥ `Dissolve` ወይም `Mix` የሚለው ነው። ገጽ የሚገልጠው፣ ልብ የሚበትነው፣ የሚሽከረከረው ሁሉ ይቅር። ዓይን ወደ እንቅስቃሴው ስለሚሄድ ፊቱን ሳያይ ያልፋል። ለመሲንቆው መግቢያ 1 ሰከንድ ተኩል፣ ከበሮው ከገባ በኋላ 1 ሰከንድ፣ ዘፈኑ በጣም ሲሞቅ ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። «ለሁሉም አድርግ» የሚለውን ቁልፍ መጀመሪያ ላይ አንዴ ተጠቀሚበት፤ ካስተካከልሽ በኋላ ግን አትንኪው፤ ልፋትሽን በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል።

መቅለጡ ምቱ ላይ የት ይረፍ? ብዙ ሰው የትራንዚሽኑን መጀመሪያ ምቱ ላይ ያደርገዋል። ከዚያ ሲያየው ሁልጊዜ የዘገየ ይመስለዋል፤ ልክም ነው። ዓይናችን «ተቀየረ» የሚለው ሁለተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው መብለጥ ሲጀምር ነው፤ ይህም መሃሉ ላይ ነው። ስለዚህ የመቅለጡን መሃል ምልክቱ ላይ አሳርፊ። የ1 ሰከንድ ትራንዚሽን ከሆነ ከምቱ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ይጀምራል፣ ግማሽ ሰከንድ አልፎ ያልቃል። በሚደርብ አፕ ውስጥ ይህ ማለት በሁለት ምልክት መሃል 5 ሰከንድ ከ8 ካለ፣ ፎቶው 6 ሰከንድ ከ8 ርዝመት ይኑረው ማለት ነው።

ሥራው ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ። አንዱን ፎቶ ስታሳጥሪ ከኋላው ያለው ሁሉ ስለሚንቀሳቀስ፣ መሃል ላይ ተመልሰሽ ከነካሽ የኋላው በሙሉ ይዛባል። መጀመሪያ ትራንዚሽኑን ሁሉም ላይ አድርጊ። ከዚያ የመጀመሪያውን ፎቶ ጫፍ ይዘሽ የመቅለጡን መሃል ምልክቱ ላይ አድርሺ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። 48 ፎቶ ለአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ስትጨርሺ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው። በድምፅ ስታዪ የማይታወቅሽ ነገር ይወጣል። ሁለት ፊት አንድ ቦታ ላይ ሲቀልጥ ለአፍታ አራት ዓይን ያለው ሰው ይፈጠራል። ያስፈራል፤ በተለይ በትልቅ ስክሪን። መፍትሔው አንዱን ፎቶ ትንሽ ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ወይም መሃላቸው ላይ የቦታ ፎቶ ማስገባት ነው። የጮቄ ተራራ፣ የዓባይ በረሃ፣ የቤታችሁ በር፣ ምንም ይሁን። በጣም የጨለመ ፎቶ በጣም ከበራ ጋር ሲቀልጥም መሃሉ ጭስ ይመስላል፤ የጨለመውን ብርሃን ትንሽ ከፍ አድርጊለት።

ይኸው መደራረብ ሆን ብለሽ ስትጠቀሚበት ግን ከሁሉ የበለጠ ያምራል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ። የእናትሽን የሙሽርነት ፎቶና የዘንድሮውን ፎቶ ውሰጂ፤ ሁለቱም ፊት ለፊት የሚያዩ ይሁኑ። የመጀመሪያውን አስቀምጪና በስክሪኑ ላይ ሁለቱ ዓይኖቻቸው ያሉበትን ቦታ ትንሽ ወረቀት ለጥፈሽ ምልክት አድርጊ። የዘንድሮውን ፎቶ እያሰፋሽና እያንቀሳቀስሽ ዓይኖቹን እዚያው ምልክት ላይ አምጪ። የፊታቸው መጠን እኩል ይሁን። ከዚያ ትራንዚሽኑን ወደ 2 ሰከንድ አስረዝሚው። ሹሩባው ወደ ሻሽ ይቀየራል፣ ጉንጩ ይቀየራል፣ ዓይኑ ግን አይንቀሳቀስም። ይህን ባሳየሁበት ቤት ሁሉ ድንኳኑ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበት፣ መሲንቆው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ አድርጊው።

ፎቶውን ቀስ አድርጎ ማስጠጋቱን በተመለከተ፣ ትንሽ ይበቃል። ከ100 ተነስቶ 106 ፐርሰንት ድረስ፣ ፎቶው በቆየበት ጊዜ ሁሉ ተዘርግቶ። አንድ ሰው ላለበት ወደ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ላለበት ወደ ውጭ። ከዚህ ከበለጠ ለቆመው ሰው ራስ ያዞራል። ቁመቱ ለረዘመ ፎቶ ጭንቅላት አትቁረጪ፤ ሁለት ቁመታም ፎቶ ጎን ለጎን አድርጊ፣ ወይም ራሱን ፎቶ አደብዝዘሽ ከኋላው አንጥፊው።

የድሮዎቹን ፎቶዎች ከአልበሙ ፕላስቲክ አውጥተሽ ነው ማንሳት ያለብሽ፤ ከፕላስቲኩ ሥር ከሆኑ ነጸብራቁ ፊት ላይ ያርፋል። ከተጣበቀ ግን በግድ አትላጪው፤ ያን ጊዜ ከነፕላስቲኩ ይሻላል። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገሽ አንሺ። ትንሽ ራቅ ብለሽ ዙም ብታደርጊ ጠርዙ አይጎብጥም። ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ፎቶ ሲልኩልሽ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ `File` ይላኩልሽ። እንደ ፎቶ ሲላክ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። በስልክ አይታወቅም፤ በቲቪ ላይ ግን ይሳሳል።

ጽሑፍ አታብዢ። «ጥር 1978 ዓ.ም»፣ «ደብረ ማርቆስ»፣ ይህን የመሰለ አምስት ስድስት ቦታ ይበቃል። ከድሮ ካሜራ ፎቶው ጥግ ላይ የታተመ ቀን ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ሳታሰቢ አትገልብጪው፤ የጃንዋሪ 1986 አጋማሽ የእኛ ጥር 1978 ነው። ፊደሉ በአፑ ውስጥ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየሽ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ጽፈሽ እንደ ምስል አስገቢው። ወደ ስክሪኑ ጠርዝም አታስጠጊው፤ አንዳንድ ቲቪ ዳር ዳሩን ይቆርጣል።

ሳትጠይቂኝ የማነሳው አንድ ነገር አለ። በ40 ዓመት ውስጥ ያረፉ ሰዎች ፎቶው ላይ ይኖራሉ። አያቶችሽ፣ ምናልባት አጎት፣ ምናልባት ወንድም። እነሱን መተው ትክክል አይደለም፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሳየትም ትክክል አይደለም። ኀዘኑ ትኩስ ከሆነ እናትሽ በደስታቸው ቀን በሰው ፊት ያለቅሳሉ፤ ድንኳኑም አብሮ ያለቅሳል። ስለዚህ እነዚህን ፎቶዎች ብቻ ለይተሽ አስቀድመሽ ለእናትና ለአባትሽ አሳዪአቸው። ይግባ ያሉትን አስገቢ። ቦታው መሲንቆ ብቻውን ያለበት መግቢያው ነው፤ በረጅም ቆይታ፣ በረጅም መቅለጥ። ከዚያ ፎቶው ቀስ ብሎ ወደ ጥቁር ይጥፋና ከበሮው ሲገባ ሰርጉ ይጀምር። ዘፈኑ ሞቆ ሰው እስክስታ ሊወርድ በተነሳበት መሃል የሟች ፎቶ ፈጽሞ እንዳይመጣ። ዘፈንሽ ይህን ጸጥ ያለ መግቢያ ከሌለው ሌላ ዘፈን ፈልጊ።

ቪዲዮው ሲያልቅ 1080p፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ `MP4` አድርገሽ አውጪው። ኮዴክ ከጠየቀሽ `H.264` ምረጪ። `HEVC` ወይም `H.265` የሚለው ፋይሉን ያሳንሳል፤ ግን የቆየ ቲቪ ላይከፍተው ይችላል። በዚህ አኳኋን 5 ደቂቃ ከ20 ግማሽ ጊጋ አካባቢ ቢሆን ነው፤ ማንኛውም ፍላሽ ይይዘዋል። አፑ መጨረሻ ላይ የራሱን ማስታወቂያ ለጥፎ ከሆነ ቆርጠሽ ጣዪው። ፌስቡክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ልታወጪው ካሰብሽ ደግሞ የሰው ዘፈን ስለሆነ ድምፁ ሊታፈን እንደሚችል እወቂ።

ስለ ስፒከሩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት እንዲሁ በየስንኙ የገጠመ ቪዲዮ ይዤ ሄድኩ። በስቱዲዮ ልክ ነበር። ድንኳን ውስጥ ቲቪውን ከትልቁ ስፒከር ጋር በብሉቱዝ አገናኙት። ፎቶው እየቀደመ፣ ምቱ እየተከተለ ሄደ። ያቺ የዓይን ለዓይን መቅለጥም ያለ ቦታዋ አለፈች። ባለቤቶቹ ምንም አላሉም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብሉቱዝ ድምፁን ከሰከንድ አንድ አስረኛ እስከ ሦስት አስረኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገየዋል። ለወሬ ምንም አይደለም፤ ለከበሮ ብዙ ነው። ከቲቪው ወይም ከላፕቶፑ ወደ ስፒከሩ ገመድ ዘርጊ። ገመዱ የሚደርስ መሆኑን ዋዜማውን ለኪ።

ፕሮጀክተር እንከራይ የሚል ዘመድ ካለ፣ የጥር ፀሐይ ድንኳኑን ዘልቆ ስለሚገባ ቀን ላይ ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ቀን ከሆነ ቲቪ፣ ማታ ከሆነ ፕሮጀክተር። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቪዲዮውን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይም ጫኚው። ዋዜማ ላይ በዚያው ቲቪ፣ በዚያው ፍላሽ፣ በዚያው ስፒከር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ አጫውቺው። ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ 12 ሰከንድ አለሽ ብዬሻለሁ። በ8ኛው ሰከንድ ላይ ዘፈኑ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምር፣ ፎቶውም አብሮት ይጥፋ። ከዚያ በኋላ 5 ሰከንድ ባዶ ጥቁር ጨምሪ። ያ ጥቁር ከሌለ ዘፈኑ ባለቀበት ቅጽበት ቲቪው የፍላሹን የፋይል ዝርዝር ደቅ ያደርገዋል። ጥቁሩ ካለ ግን ሰው ዘወር ብሎ እናትና አባትሽን ያያል፤ እልልታውም እዚያ ላይ ይነሳል።